በሚካኤል ዕለት ውሃ ፈሰሰ

አክስቴ ለአከራይዋ የላከችው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። መሀሉ ላይ አራት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አለ። የዶክትሬት ጥናቴ ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ በመሆኑ ቀኔን የማሳልፈው የሰው ጽሑፍ እያገላበጥኩ ነው፤ ሆኖም የአንዲት ቃል ቦታ ይህን ያህል ያጨቃጨቀኝ ጽሑፍ ትዝ አይለኝም። «ፈሰሰ» ይሁን ወይስ «ይፈስሳል»? «ሠራተኛው ምንም አልሠራም» ይባል ወይስ «ሠራተኛው ቀለም ቀባ»? እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጻፈው እንዲያምር አይደለም። ምናልባት አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቢቀርብ፣ የማያውቃት ሰው ሁለት ደቂቃ አንብቦት ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማንስ እንደተነገረው እንዲያውቅ ነው።

አክስቴ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ብዙ ያገራችን ሰው ከተከራየባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ። እኔ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። በ2023 መገባደጃ ላይ የመታጠቢያ ቤቷ ኮርኒስ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ ነበር። ቀጥሎ ጠብታ መጣ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሻጋታ፣ በመጨረሻም የኮርኒሱ ሰሌዳ ቁራጭ ሆኖ ወደቀ። በየጊዜው ለቢሮው ተናግራለች፤ በየጊዜውም «እሺ» ተብላለች። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው «እስቲ አንተ የተማርከው ጻፍልኝ» ያለችኝ።

እኔም እንደ ጸሐፊ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ተናገረች። የተናገረችውን እንዳለ ይዤዋለሁ፦

«ለተከበራችሁ የቤቱ ኃላፊዎች፤ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደኅና ነኝ። ሰው ማስቸገር የምወድ ሰው አይደለሁም። እዚህ ቤት ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን ኪራይ አላሳለፍኩም፣ ከጎረቤትም ተጣልቼ አላውቅም። ነገር ግን ያ ውሃ አሁንም አለ። ሰውዬው መጥቶ ነበር፣ እሱም ጥሩ ልጅ ነው፣ እንዳትቆጡት። እባካችሁ እንደ እናታችሁ አይታችሁ…»

የዚህን ደብዳቤ ወግ ማንም አገሩን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። አቤቱታ ነው። አቤቱታ ሲቀርብ በቅድሚያ የአቅራቢው ማንነት ይነገራል፦ ጨዋ መሆኑ፣ ሰው የማያስቸግር መሆኑ፣ ዕዳ የሌለበት መሆኑ። ጉዳዩ ከዚያ በኋላ፣ በለሆሳስ ይመጣል። ሚዛኑ ያለው በሰሚው ርኅራኄ ላይ ስለሆነ ሰሚውን ማስቀየም አያስፈልግም። አክስቴ ይህን ያመጣችው ከባዶ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገችው የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ትንሽ ነበር፣ እድሳቱም እንደ ኪራዩ። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ ራሱ ቆርቆሮ ገዝቶ፣ ያውም ከተፈቀደለት፣ ይጠግን ነበር። «ቤት የሰጠኝን ሰው እንዴት ልክሰስ?» ያለችኝ ለዚህ ነው። ቤት ኪራይ የተከፈለበት ዕቃ ሆኖ አይታያትም፤ የተሰጣት ነገር ነው።

እንዲህ የምታስብ እሷ ብቻ እንዳልነበረች የዚሁ ከተማ የፍርድ ታሪክ ያሳያል። በ1966 በዋሽንግተን፣ ክሊፍተን ቴራስ በሚባሉ አፓርትመንቶች የሚኖሩ ተከራዮች የሚያዝያን ኪራይ አልከፈሉም ተብለው ተከሰሱ። እነሱ በበኩላቸው በቤቶቹ ላይ 1,500 ያህል የቤት ደንብ ጥሰት መኖሩን እናስረዳ ብለው ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ለመስማት አልፈቀደም፤ በዚያ ጊዜ አስተሳሰብ ኪራይ የሚከፈለው ለቦታው ነበርና ጣሪያው ቢያፈስ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1970 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በዳኛ ስኬሊ ራይት ጸሐፊነት፣ ያንን ገለበጠው። የከተማ ተከራይ የሚገዛው መሬት ሳይሆን ሙቀት፣ ውሃ፣ መብራትና የሚዘጋ በር ያለው መኖሪያ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ለመኖር የሚበቃ መሆኑ በውሉ ባይጻፍም የውሉ አካል ነው ተባለ። ጃቪንስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ውሳኔ በብዙ ግዛቶች የሕግ ተማሪዎች የሚያነቡት ነው። ለአክስቴ ያሳጠርኩላት እንዲህ ነበር፦ «ውለታ እየጠየቅሽ አይደለም። የከፈልሽበትን ዕቃ ነው የምትጠይቂው።»

ዛሬ የቨርጂኒያ ሕግ ለተከራይ የሚከፍተው በር አለ። አከራዩ ለጤና ወይም ለደኅንነት ከባድ አደጋ የሆነን ነገር ሳይጠግን ከቀረ፣ ተከራዩ ጄኔራል ዲስትሪክት በሚባለው ፍርድ ቤት አቤት ሊል ይችላል። ግን በቅድሚያ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አከራዩ በጽሑፍ ተነግሮታል ወይ? ማስታወቂያው ከደረሰው ከ30 ቀን በላይ ካለፈ፣ አከራዩ አጥጋቢ ምክንያት ካላስረዳ በቀር፣ መዘግየቱ ከልክ ያለፈ ነው ተብሎ ይገመታል። የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የጥሰት ማስታወቂያም የጽሑፉን ቦታ ሊተካ ይችላል። እንግዲህ አክስቴ ሁለት ወር የቆጠረችው የሥቃይ ቆጠራ ነበር፤ የሕጉ ሰዓት የሚቆጥረው ከጽሑፉ ነው። ስልክ የደወለችባቸው ቀኖች ከንቱ አልሆኑም፣ ታሪኩን ያሳያሉ። ነገር ግን ታሪኩ በቀን ተሰድሮ መቅረብ አለበት።

ቀኖቹን ከየት እናምጣ? አክስቴ ማስታወሻ ደብተር የላትም። ያላት ከቤተ ክርስቲያን የገዛችው፣ ማቀዝቀዣው ጎን የተሰቀለ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ነው። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋለች። «ሚካኤል፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ውሃ ፈሰሰ።» «ጽዮን ማርያም፣ ማታ 2፣ እንደገና።» «ገብርኤል፣ ኮርኒሱ አበጠ።» «ጥምቀት፣ ወደቀ።» ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ ነገሩ በሆነ ሰዓት፣ በራሷ እጅ የተጻፈ ነው። ችግሩ ወደ ሌላ የዘመን አቆጣጠር መገልበጡ ላይ ነው።

በብዙ ሰው አእምሮ ኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 21፣ ታኅሣሥ ገብርኤል ዲሴምበር 28፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው። በዚያ ዓመት ግን አይደለም። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆናለች፣ ዘመነ ዮሐንስ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በዓል በአንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ ኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 22፣ ገብርኤል ዲሴምበር 29፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋለ። አንድ ቀን ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። ቀኑ ከስልኩ የጥሪ ዝርዝርና ከፖርታሉ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ግን ሌላው ወገን የሚይዘው ያንን አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ በሙሉ ይጠረጠራል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ማታ 2 ሰዓት» እዚህ የምሽቱ 8 ነው። ከዚህም ሌላ ወጥመድ አለ፦ እኛ ቀን አስቀድመን ወር እናስከትላለን፣ አሜሪካውያን ወር አስቀድመው ቀን ያስከትላሉ። 1/12 ብለን ብንጽፍ ለእኛ ዲሴምበር 1፣ ለእነሱ ጃንዋሪ 12 ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ የወር ስም ሁሉ በፊደል ተጻፈ፣ ከጎኑም የሳምንቱ ቀን። የሳምንቱ ቀን ራሱን የቻለ መፈተሻ ነው፤ ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ረቡዕ ካልሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ የተላከው በእንግሊዝኛ ነበር። በአማርኛ ስመልሰው ይህን ይመስላል፦

ጃንዋሪ 29 ቀን 2024፣ ሰኞ

ጉዳዩ፦ በመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ስለሚገባ ውሃ የተሰጠ የጽሑፍ ማስታወቂያ

በመታጠቢያ ቤቴ ኮርኒስ በኩል ውሃ ይገባል። ጠብታው ከመብራቱ 8 ኢንች ያህል ይርቃል። በእርጥቡ ሰሌዳ ላይ ሻጋታ ይታያል፤ የሰሌዳው አንድ ክፍል ወድቋል። ጥያቄዎቼና የተሰጡኝ መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

| ውሃው የታየበት | ለቢሮው የተነገረበት | የተሰጠው መልስ |
|---|---|---|
| ረቡዕ፣ ኖቬምበር 22፣ ምሽት 8፡00፤ እድፍና ጠብታ | ዓርብ፣ ኖቬምበር 24፣ በስልክ | ሰኞ፣ ኖቬምበር 27፣ ሠራተኛ መጥቶ እድፉን ቀለም ቀባ |
| ዓርብ፣ ዲሴምበር 1፣ ምሽት 8፡00፤ ጠብታ በዚያው ቦታ | በዚያው ምሽት፣ በፖርታል | ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 5፣ ሠራተኛ መጥቶ አየ፤ በማግስቱ ፖርታሉ «ተጠናቋል» አለ |
| ዓርብ፣ ዲሴምበር 29፣ ምሽት 8፡30፤ ያበጠ ኮርኒስ፣ ጥቁር ሻጋታ | በዚያው ምሽት፣ በፖርታል፣ ከ3 ፎቶ ጋር | ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 3፣ ሻጋታው ተጠርጎ ቀለም ተቀባ፤ ፖርታሉ «ተጠናቋል» አለ |
| ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20፣ ምሽት 8፡00፤ የኮርኒሱ ቁራጭ ወደቀ | በዚያው ምሽት፣ በአስቸኳይ ስልክ | «ሰኞ ሰው ይመጣል» ተባለ፤ እስከ ዛሬ ማንም አልመጣም |

የምጠይቀው፦ አንደኛ፣ የውሃው ምንጭ ተፈልጎ እንዲጠገን፤ ሁለተኛ፣ እርጥቡ ሰሌዳ ቀለም ከመቀባት ይልቅ ወጥቶ በአዲስ እንዲተካ፤ ሦስተኛ፣ ሥራው የሚጀመርበት ቀን በጽሑፍ እንዲነገረኝ። በማንኛውም የሥራ ቀን ወደ ቤቴ ለመግባት ፈቅጃለሁ። ኪራዬ እስከዚህ ወር ድረስ ተከፍሏል። ፎቶዎቹና የፖርታሉ ገጾች ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር።

አክስቴ ይህን ስተረጉምላት ዝም ብላ ሰማችና «ሰው የሌለበት ደብዳቤ» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ሰው ያለው ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ነው ብዬ አስባለሁ። ስናረቅ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ቀለም ብቻ ቀብቶ ሄደ» ብዬ ነበር፤ ከዚያ «ብቻ» የምትለውን ቃል አወጣኋት። «ብቻ» የእኛ ቁጣ ነው፤ አንባቢው ሊቀበለው ወይም ሊመልሰው ይችላል። «እድፉን ቀለም ቀባ» ግን ቢሮው ራሱ የሚክደው ነገር አይደለም። ከታች ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወርዶ እንደገና «ቀለም ተቀባ» የሚለውን ያገኘ ሰው «ብቻ» የሚለውን ቃል በራሱ አፍ ይጨምርበታል። «ተጠናቋል» የሚለውም እንዲሁ ነው። የኛ ቃል አይደለም፣ የፖርታሉ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠናቆ ሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ኮርኒስ ምንም ቅጽል አይፈልግም። ለዚህም ነው ገጾቹን በወረቀት ያተምናቸው፤ ፖርታል የአከራዩ ደብተር ነው፣ ተከራይ ሲወጣ ይዘጋበታል።

የታሪክ ፈላስፋው ሄይደን ዋይት በ1980 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ላይ የሳንክት ጋለን ገዳም ዜና ዘመናትን ያነሳል። መነኮሳቱ ዓመተ ምሕረቱን በተራ ይጽፉና ከጎኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ያኖራሉ፤ ለብዙዎቹ ዓመታት ግን ቁጥሩ ብቻ ተጽፎ ጎኑ ባዶ ነው። ዋይት በዚያ ባዶ ቦታ ይደነቃል። የእኛ ሠንጠረዥ ግን ባዶ ቦታ አይችልም። ጃንዋሪ 22 ሰኞ ማንም አልመጣም፤ ያንን ቦታ ባዶ ብንተወው አንባቢው አክስቴ መጻፍ ረስታ ነው ሊል ይችላል። ዝምታ የሚመዘገበው ሲጻፍ ነው፦ «እስከ ዛሬ ማንም አልመጣም»። እንደ መልስ የሚቆጠር መልስ ነው።

ሠንጠረዡ ያልጠበቅነውን ነገርም ነገረን። የመጀመሪያውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሳነብ ሰዓቱ አንድ ሆነብኝ፤ ምሽት 8፣ 8፣ 8፡30፣ 8። ውሃ በኮርኒስ ሲመጣ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ዝናብ ከሆነ ከዝናቡ ጋር ይመጣል፤ የአክስቴ ቤት ደግሞ ከላዩ ሌሎች ፎቆች አሉት። የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ከሆነ ውስጡ ሁልጊዜ ግፊት ስላለ ሌት ተቀን ያንጠባጥባል፣ ሰዓት አይመርጥም። ሰዓት የሚመርጥ ውሃ የፍሳሽ ነው፤ ሰው ሲጠቀም ብቻ ይፈስሳል። ከአክስቴ በላይ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ትኖራለች። ልጆች የሚታጠቡት ከመኝታ በፊት ነው፣ ገንዳ ተሞልቶ። ጠዋት በቁሟ ሻወር ስትወስድ ግን ምንም አይወርድም። ስለዚህ የተበላሸው ገንዳው ሲሞላ ብቻ ውሃ የሚነካው ነገር መሆን አለበት።

ይህን ደብዳቤው ላይ እንጻፈው አልኩ። አክስቴ በፍጹም አለች። «የሰው ልጆች ታጠቡ ብዬ ልክሰስ? ነገ ደረጃው ላይ ምን ብዬ ሰላም እላታለሁ?» የተናገረችው ስለ ጉርብትና ነበር፣ ነገሩ ግን ለጽሑፉም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ቧንቧው የአከራዩ ነው። የላይኛዋን ተከራይ ስም ብናነሳ ቢሮው ጉዳዩን የሁለት ተከራዮች ጠብ አድርጎ ሊወስደው፣ ወጪውንም በእሷ ላይ ሊጥለው ይችል ነበር። ተከራይ የሚመሰክረው ባየው ላይ ነው፤ አክስቴ ያየችው ኮርኒሷን እንጂ የላይኛውን ቤት አይደለም። ስለዚህ ሰዓቶቹን ብቻ አስቀመጥን፤ የቧንቧ ሠራተኛ ካየው ይገባዋል ብለን።

ጥያቄውም «ኮርኒሱ ይጠገን» ተብሎ ያልተጻፈበት ምክንያት አለ። ኮርኒሱማ ተጠግኗል፣ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል። «ምንጩ ይጠገን» ሲባል ግን ቀለም መልስ መሆኑ ያበቃል። ቨርጂኒያ ከ2020 ወዲህ ተከራይ ራሱ አስጠግኖ ከኪራዩ እንዲቀንስም ትፈቅዳለች፦ የጽሑፍ ማስታወቂያ ከተሰጠ 14 ቀን ካለፈና አከራዩ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ እስከ አንድ ወር ኪራይ ወይም እስከ 1,500 ዶላር፣ ከሁለቱ በሚበልጠው፣ ደረሰኝ አያይዞ። ወዳጆቻችን ብዙዎቹ ይህን ሰምተዋል፣ ለአክስቴም መክረዋታል። ለእሷ ግን አልጠቀመም። የምትቀጥረው ሠራተኛ የራሷን ኮርኒስ ከፍቶ ማየት ይችላል፤ የላይኛውን ቤት በር ግን እሷ ልትከፍትለት አትችልም። ይህ መብት የሚሠራው ብልሽቱ በገዛ ቤትህ ውስጥ ሲሆን ነው።

ሌላው የሰማችው ምክር «ኪራይ አትክፈይ» ነበር። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት አቤት የሚል ተከራይ ኪራዩን በእጁ አይዝም፤ መክፈያው ቀን በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ያስገባል። ዝም ብሎ ያልከፈለ ሰው ኮርኒሱ ምንም ቢፈርስ ተከሳሽ ሆኖ ነው የሚቀርበው፣ ሠንጠረዡንም መከላከያ አድርጎ ለማንበብ ይገደዳል። «ኪራዬ እስከዚህ ወር ድረስ ተከፍሏል» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር እዚያ የገባችው ለጨዋነት አይደለም። ይገርማል፣ የአክስቴ የመጀመሪያ ደብዳቤም ይህንኑ ይል ነበር። ከአቤቱታዋ ሳይነካ ወደ ሠንጠረዡ ደብዳቤ የተሻገረው እሱ ብቻ ነው።

አላላኩም የራሱ ሥርዓት አለው። በቨርጂኒያ ላኪው መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አለበት፤ ፖስታ ቤት በጥቂት ገንዘብ የሚሰጠው የመላኪያ ማረጋገጫ ወረቀት ይበቃል። እኛ የተቀባይ ፊርማ ያለውን መረጥን፣ የደረሰበት ቀን እንዲታወቅ። እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ ደግሞ ሕጉ በአንድ ጎኑ ይለያል። ኪራይን በፍርድ ቤት ለማስያዝ ጥያቄ የሚያቀርብ ተከራይ አከራዩ ችግሩን ማወቁን ማሳየት አለበት፤ ከመንገዶቹ አንዱ ችግሮቹን የሚዘረዝር ሰርቲፋይድ ደብዳቤ ነው። የ30 ቀኑ ግምት እዚያም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ደግሞ 311 ደውሎ የሞንጎመሪ ካውንቲ ተቆጣጣሪ ማስመጣት ይችላል፤ ተቆጣጣሪው የሚጽፈው የጥሰት ማስታወቂያ ከማንኛውም የተከራይ ደብዳቤ ይልቅ ክብደት አለው። ወንዙ ጠባብ ነው፣ ግን ከዚህ ማዶ ያለ ወዳጅ የሰጠውን ምክር እንዳለ ይዞ መሻገር አያዋጣም።

ደብዳቤው ጃንዋሪ 30 ተላከ፣ ፌብሯሪ 1 ተፈረመበት። ከዚያ ቆጥረን ማርች 2ን አከበብን። እስከዚያ አልደረሰም። ፌብሯሪ 6 ማክሰኞ ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች መጡ፤ አንዱ ላይ ወጣ፣ አንዱ ታች የአክስቴን ኮርኒስ ከፈተ። ላይ ያለው ገንዳውን ሞላ። ታች ያለው ውሃው ሲወርድ አየ። በገንዳው ግድግዳ ላይ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ከክዳኑ ጀርባ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃው እዚያ ከፍታ ሲደርስ ወደ ቧንቧው ከመግባት ይልቅ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። የተለወጠችው በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ጎማ ናት። ኮርኒሱ በሳምንቱ ተቀየረ። አክስቴ የቀን መቁጠሪያዋ ላይ «ጥር 28፣ አማኑኤል፣ ተገኘ» ብላ ጻፈች።

ለምን በዚያ ፍጥነት እንደመጡ ማንም አልነገረን። እኔ የምገምተው አራቱን ረድፍ በአንድ ገጽ ላይ ያየ አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ እንደነበረ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው መጥቶ ለብቻው ተዘግቷል። የአክስቴ ክረምት በእነሱ ዘንድ አራት የማይተዋወቁ ጉዳዮች ነበር፤ ሁለቱ «የተጠናቀቁ»። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ፖርታሉን አታይም፣ ቀለም የቀባው ልጅ ያለፈውን ወር አያውቅም። ሠንጠረዡ ለአከራዩ የሰጠው አዲስ ወሬ የለም። የራሱን ወሬ በተከታታይ አሳየው።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። በፀደዩ የውል ማደሻ ወረቀት መጣ፣ ኪራዩ ጨምሯል። አክስቴ ወረቀቱን ይዛ «አላልኩህም?» አለችኝ። የቨርጂኒያ ሕግ አከራይ ስለ አቤቱታ ብሎ ኪራይ በመጨመር እንዳይበቀል ይከለክላል፤ ነገር ግን በአካባቢው ላሉ ተመሳሳይ ቤቶች ወደሚከፈለው ዋጋ ማሳደግን አይከለክልም፣ በቀል መሆኑን የማስረዳቱ ሸክምም በተከራዩ ላይ ነው። ጎረቤቶቿን ጠየቅን። ምንም ደብዳቤ ያልጻፉትም ተመሳሳይ ጭማሪ ደርሷቸዋል። በቀል አልነበረም ማለት ነው፤ ለእሷ ግን ይህ መጽናኛ አልሆነም። በቀል ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምንሰድርበት ረድፍ ነበረው። የሁሉም ሰው ኪራይ ሲጨምር የሚሞላ ዓምድ የለም። ፈረመች።

ከዚያ ወዲህ ከሕንፃው ሦስት ሴቶች፣ አንዷ የላይኛዋ ጎረቤት፣ ወረቀት ይዘው አክስቴ ዘንድ መጥተዋል። ለላይኛዋ የቀዘቀዘ ማሞቂያ ነበር። አክስቴ እኔን አልጠራችኝም። አስቀምጣት ሁለት ነገር ጠየቀቻት፦ «ያየሽው መቼ ነው? የነገርሻቸውስ መቼ ነው?» ሴትዮዋ «በስቅለት ሰሞን» ብላ ስትጀምር አክስቴ ተነስታ የቀን መቁጠሪያውን ከማቀዝቀዣው ላይ አወረደች።